የሩቅ መንገደኛ ጫማ እንዴት ይመረጣል?

ከዕውቀት አምድ

በዛሬው አምዳችን የምናየው ስለ ጫማ ነው። ስለ ፋሽን ግን አይደለም። ብዙዎቻችን ከሽሮ ሜዳ በላይ ካሉት ሰፈሮች ተነስተን በእግራችን ወደ ስድስት ኪሎ የምንወርድ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ዳገት የምንወጣ ነን። አዲስ የተሠራው የእግረኛ መንገድ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያ እስክንደርስ ድረስ ኮብልስቶን አለ፣ ኮረኮንች አለ፣ ለቧንቧ ተቆፍሮ እንደነገሩ የተሞላ አለ፣ ንጣፉ የተነቃቀለ አለ። አቧራው ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ አይጠፋም። በዚህ መንገድ ላይ አንዱ ልጅ መስከረም የተገዛለትን ጫማ እስከ ሰኔ ያደርገዋል፤ የሌላው ግን ኅዳር ሳይገባ አፉን ይከፍታል። ይሄ ዕድል ብቻ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ቆመን በአምስት ደቂቃ ልናየው የምንችለው ልዩነት ነው።

ጫማ የሚሞተው የት ጋ ነው?

ከመምረጣችን በፊት ጫማ የት ጋ እንደሚያልቅ ማወቅ አለብን። ይህንን ለማወቅ ከክፍላችን ልጆች የተጣሉ አሮጌ ጫማዎችን አየሁ። ከዚያም ሰፈራችን ያሉትን ጫማ ሰፊ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፦ «ልጄ፣ እኔ ጋ የሚመጣ ጫማ ቆዳው አልቆ አይደለም። አብዛኛው ሶሉ የተላቀቀ ነው፤ ያውም ከፊት ከጣቶቹ በኩል» አሉኝ። የልጆቹም ጫማዎች እንደዚያው ነበሩ። የላዩ ክፍል ገና ደህና ሆኖ ከሶሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተለያይቷል።

ለምን እዚያ ጋ? ምክንያቱም ስንራመድ ተረከዛችን ሲነሳ ጫማው የሚታጠፈው ጣቶቻችን ከእግራችን ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ በሒሳብ እንየው። እኔ ከቤት ትምህርት ቤት ለመድረስ 40 ደቂቃ ይፈጅብኛል። በአንድ ደቂቃ ስቆጥር ወደ 100 እርምጃ እሄዳለሁ። ስለዚህ፦

40 × 100 = 4,000 እርምጃ መሄጃ
4,000 × 2 = 8,000 እርምጃ ደርሶ መልስ

ግማሹ የቀኝ፣ ግማሹ የግራ እግር ስለሆነ እያንዳንዱ ጫማ በቀን 4,000 ጊዜ ይታጠፋል። በሳምንት አምስት ቀን 20,000 ጊዜ ማለት ነው። በአሥር ሳምንት 200,000 ጊዜ! አንድ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ስናጣጥፈው እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ሶሉን የያዘው ማስቲሽም በዚያ መታጠፊያ ላይ ይደክማል።

በዚህ ላይ የእኛ መንገድ አለ። ጫማችን የተነሳ ድንጋይ ወይም የንጣፍ ጠርዝ ሲመታ መጀመሪያ የሚመታው አፍንጫው ነው። ትንሽ ክፍተት ከተፈጠረ አቧራው ይገባል። አቧራ ለስላሳ ይመስላል እንጂ ውስጡ ደቃቅ አሸዋ አለበት። በታጠፍን ቁጥር ያ አሸዋ ማስቲሹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ስለዚህ ክፍተቱ ሰኞ ወረቀት የሚያስገባ ከሆነ በሳምንቱ ጣት ያስገባል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። የሩቅ መንገደኛ ጫማ ሲመርጥ መጀመሪያ ማየት ያለበት መልኩን ወይም በላዩ የተጻፈውን ስም ሳይሆን ሶሉ ከላዩ ጋር በምን እንደተያያዘ ነው።

አንደኛ፦ መገጣጠሚያውን ማየት

ሶል ከላዩ ክፍል ጋር የሚያያዘው በብዛት በሦስት መንገድ ነው። አንዱ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ነው። ሁለተኛው ተለጥፎ ደግሞ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ነው። ሦስተኛው ሶሉ ቀልጦ እያለ በላዩ ክፍል ላይ የተጣበቀ ነው። ለእኛ መንገድ የተሰፋው ይሻላል፤ ምክንያቱም ማስቲሹ ቢደክም እንኳ ክሩ ይይዘዋል። አንድ ቦታ ቢበጠስም እንደገና መስፋት ይቻላል። ቀልጦ የተጣበቀው መጀመሪያ ላይ ጠንካራ ነው፤ ግን አንዴ ከተሰነጠቀ ለመጠገን ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ብዙ ጫማ ላይ በሶሉ ዙሪያ ስፌት የሚመስል ነገር ይታያል፤ ግን ስፌት አይደለም። ሶሉ ፋብሪካ ውስጥ ሲቀረጽ አብሮ የወጣ የፕላስቲክ ቅርጽ ነው። እንዴት እንለየዋለን? በጥፍራችን ክሩን ለማንሳት እንሞክራለን። እውነተኛ ክር ትንሽ ይነቃነቃል፣ ክሩ የሚገባበት ቀዳዳም ይታያል። ሐሰተኛው ከሶሉ ጋር አንድ ነው፣ አይነሳም። ከዚያ የውስጡን ስስ ሶል ገለጥ አድርገን እናያለን። በትክክል የተሰፋ ከሆነ ክሩ ብዙ ጊዜ ከውስጥ በኩል ዙሪያውን ይታያል። ጫማውን ገልብጠን ስናይ ደግሞ ከሥሩ ክሩ የተቀመጠበት ቀጭን ቦይ እናገኛለን።

ክር ባይኖረውም የተለጠፈውን መፈተን ይቻላል። ጫማውን ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እጥፍ አድርጉትና መገጣጠሚያውን እዩ። ክፍተት ከታየ ወይም የደብተር ወረቀት ጫፍ ከገባ፣ ያ ጫማ ገና አዲስ ሆኖ መላቀቅ ጀምሯል። አትግዙት።

ሁለተኛ፦ አተጣጠፉንና ሶሉን መፈተን

ጫማውን ከተረከዙና ከአፍንጫው ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ እጠፉት። ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው ከፊት ሲሶው ላይ ነው፤ ማለትም እግራችን በሚታጠፍበት ቦታ። መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት እጥፍ የሚል ከሆነ ኮብልስቶን ላይ እግራችንን አይደግፍም፤ ሶሉም ያለ ቦታው ስለሚታጠፍ ቶሎ ይሰነጠቃል። ጭራሽ አልታጠፍም የሚል ከሆነ ደግሞ በየእርምጃው ተረከዛችን ከጫማው ይወጣል፤ እግራችንንም ይልጠዋል።

ቀጥሎ ሶሉን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ማድረግ ነው። እንደ ስፖንጅ ጎድጉዶ ምልክቱ ከቀረ በጣም ቀላል ሶል ነው። ለእግር ይመቻል፤ ኮረኮንች ላይ ግን ቶሎ ይበላል። እንደ ድንጋይ ደርቆ የሚያንሸራትት ከሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። እሱ ቶሎ አያልቅም፣ ግን አቧራ በለበሰ ለስላሳ ንጣፍ ላይ ይጥላል። ጎማ ሶል ሲጫን ትንሽ ይገባል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል፤ ሊሾ ላይ ሲታሽም ይይዛል። ለመንገዳችን የሚሻለው እሱ ነው። ጎማው አፍንጫው ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ጣቶቹን የሚከልል ከሆነ ደግሞ ድንጋይ ሲመታ መገጣጠሚያው አይጎዳም።

የላዩን ክፍል በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እንደ መረብ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ጨርቅ ለሙቀት ጥሩ ነው፤ አቧራውን ግን እንደ ወንፊት ያስገባዋል። ውስጥ የገባው አሸዋ ካልሲውንም ገበሩንም ይበላል። ስለዚህ ቢያንስ ከፊት በኩል ያልተቦዳደሰ ቆዳ ወይም ወፍራም ሸራ ይሻላል። ማሰሪያውም በክር የሚታሰር ቢሆን ይመረጣል፤ ተለጣፊው ማሰሪያ አቧራ ሲሞላው መያዝ ያቆማል።

ሦስተኛ፦ ልኩ

ብዙ ወላጆች «ያድግበታል» ብለው ሁለት ሦስት ቁጥር አስበልጠው ይገዛሉ። ለምን እንደሚያደርጉት ይገባናል፤ በዓመት ሁለቴ ጫማ መግዛት ከባድ ነው። ነገር ግን በጣም የበለጠ ጫማ ራሱ ቶሎ ያልቃል። የእግራችን መታጠፊያና የጫማው መታጠፊያ አይገጥሙም። ባዶ የሆነው አፍንጫ በየድንጋዩ ይጋጫል። ቁልቁለት ስንወርድ እግራችን ወደፊት ይንሸራተታል፣ ዳገት ስንወጣ ደግሞ ተረከዛችን ይወጣል።

ታዲያ ስንት እንጨምር? ሰባተኛ ክፍል ለደረሰ ሰው ቀላል ሒሳብ ነው። ጫማ ላይ የምናየው እንደ 37 እና 38 ያለው ቁጥር አንዱ ከሌላው የሚለየው በሁለት ሦስተኛ ሳንቲሜትር ነው። በግምት 7 ሚሊሜትር ማለት ነው። መጀመሪያ ማታ ላይ፣ ቀኑን ስንቆም ስንሄድ ውለን እግራችን ትንሽ ካበጠ በኋላ፣ ተረከዛችንን ግድግዳ አስነክተን ወረቀት ላይ እንቆማለን። የረጅሙን ጣት ጫፍ እናመለክትና በማስመሪያ እንለካለን። ሁለቱንም እግር ለክተን ረጅሙን እንወስዳለን። ከዚያ፦

ቁጥር = (የእግር ርዝመት በሳንቲሜትር + 1.5) × 1.5

1.5 ሳንቲሜትር የጨመርነው ጣቶቻችን እንዲላወሱ ነው። ለሚያድግ ልጅ በዚህ ላይ አንድ ቁጥር መጨመር ይበቃል። ፋብሪካዎች ትንሽ ስለሚለያዩ ግን ቁጥሩ መነሻ ነው እንጂ ካልሲ አድርጎ መሞከር አይቀርም።

በተግባር ሲታይ

አሁን ይህንን ሁሉ በአንድ ምሳሌ እንየው። ትምህርት ሊከፈት ሲል እማዬ ለታናሽ ወንድሜ ጫማ ልትገዛ መርካቶ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። እሱ አራተኛ ክፍል ነው፤ አብሮኝ ነው የሚመላለሰው። ማታውን እግሩን ለክቼ 20.5 ሳንቲሜትር አግኝቻለሁ። (20.5 + 1.5) × 1.5 = 33። አንድ ስንጨምር 34። እማዬ ግን 36 ነበር ያሰበችው። እኔም በወረቀት አሳየኋት። 36 ቁጥር በሁለት ሦስተኛ ሲባዛ 24 ሳንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ ከፊት 3.5 ሳንቲሜትር ባዶ ይቀራል። እማዬ ማስመሪያው ላይ 3.5ን አየችና «ይሄማ ሌላ ጣት ነው» ብላ ሳቀች።

ሦስት ጫማ አየን። የመጀመሪያው ነጭ ስኒከር ነበር፣ በጣም ያምራል፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ዙሪያውን ስፌት አለው። በጥፍሬ ስሞክረው ግን አልተነሳም፤ ቅርጽ ብቻ ነው። ሶሉ ጥፍሬን ተቀብሎ ምልክቱ ቀረ። ሳጥፈው ከፊት በኩል ትንሽ ክፍተት ታየ። ነጋዴው «አንቺ ልጅ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልትሰብሪው?» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ እሱ በቀን 4,000 ጊዜ ነው የሚያጥፈው» አልኳቸው። ሳቁና ሌላ አወረዱልን።

ሁለተኛው የሳልቫጅ ጫማ ነበር። ወፍራም ቆዳ፣ እውነተኛ ስፌት፣ ትልቅ ሶል። ከሩቅ ሲያዩት ከሁሉም የሚበልጥ ይመስላል። ነገር ግን በቆዳውና በታችኛው ጎማ መካከል ያለው ለስላሳ የሶል ክፍል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩ። በአውራ ጣቴ ስጫነው ዱቄት መሰለ። ይህ የሚሆነው አንዳንድ ለስላሳ ሶሎች ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር ስለሚሠሩ ነው። ፖሊዩሪቴን ባይደረግም እንኳ ለዓመታት ሲቀመጥ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ያልተለበሰ የሚመስል የሳልቫጅ ጫማ በሳምንት ውስጥ እንደ ደረቅ ዳቦ ሊፈርስ ይችላል። ሳልቫጅ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሶሉን ሳትጫኑና ሳታጥፉ ግን አትግዙ።

ሦስተኛው እዚሁ አገር የተሠራ ጥቁር ቆዳ ጫማ ነበር። ጎማ ሶል ነው፣ ከፊት ሲሶው ላይ ይታጠፋል፣ ጥፍር ተጭኖ ይመለሳል። ጉድለቱ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ መሆኑ ነው። ሳጥፈው ግን ክፍተት አላየሁም፤ ሶሉም ለመስፋት የሚበቃ ውፍረት አለው። እሱን ገዛን።

ሰፈር ስንመለስ ገና ሳይደረግ ወደ ጫማ ሰፊው ወሰድነው። እሳቸው በሶሉ ሥር፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብለው በቢላ ቀጭን ቦይ አወጡ። ከዚያ በወስፌ እየበሱ ሰም ያሸሹትን የናይለን ክር ዙሪያውን ሰፉት። ቦዩን ለምን እንዳወጡ ስጠይቃቸው «ክሩ ሳይሰምጥ ከላይ ከቀረ ድንጋዩ በወር ውስጥ ይቆርጠዋል» አሉኝ። ስለዚህ ጫማችሁን ስታሰፉ ክሩ ቦይ ውስጥ መግባቱን እዩ። መስፋት ግን ለሁሉም ጫማ አይሆንም። ስፖንጅ ሶል ላይ ክሩ ራሱ ሶሉን እየቀደደ ይወጣል። የተሰፋ ጫማም በቀዳዳዎቹ ውሃ ሊያስገባ ይችላል፤ በዝናብ ጊዜ ኩሬ ውስጥ አትግቡበት።

ርካሹ የትኛው ነው?

የጫማ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለያይ የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው። አንዱ ጫማ 800 ብር ነው እንበል፤ 10 ሳምንት ቆየ። ያ 50 የትምህርት ቀን ነው። 800 ÷ 50 = 16 ብር በቀን። ሌላው 1,800 ብር ነው፤ ማሰፊያው 150 ብር ሲጨመር 1,950 ብር ሆነ። እሱ 40 ሳምንት ማለትም 200 ቀን ቆየ። 1,950 ÷ 200 = 9.75 ብር በቀን። ስለዚህ ውድ የመሰለው ርካሽ ሆነ ማለት ነው።

ግን ይህ ስሌት ሁልጊዜ አይሠራም። አንደኛ፣ 1,800 ብር በአንድ ጊዜ የሌለው ቤተሰብ አለ። እንዲህ ከሆነ ከርካሾቹ መካከል ሶሉ የሚሰፋውን መርጦ ማሰፋት ከሁሉም ይሻላል። ሁለተኛ፣ እግራችን ያድጋል። በዓመት አንድ ሳንቲሜትር ካደገ አንድ ቁጥር ተኩል ነው። ጫማው ሳያልቅ ሊጠበን ይችላል ማለት ነው። ያኔ ለታናሽ ይተላለፋል። ጠንካራ ጫማ ለሁለት ልጅ ሲሆን ሒሳቡ እንደገና ያዋጣል። ጠቦን እያለ ለማስጨረስ ብለን ብናደርገው ግን ጥፍራችን ይጎዳል።

ከተገዛ በኋላ

ሦስት ነገር ብቻ እንያዝ። ማታ ማታ አቧራውን ከመገጣጠሚያው ላይ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፤ ቆዳ ከሆነ በሳምንት አንዴ ቀለም መቀባት፤ አቧራ ቆዳውን ያደርቀዋልና። ከራሰ ደግሞ ከሰል አጠገብ አለማድረቅ፤ ሙቀት ማስቲሹን ያለሰልሰዋል፣ ቆዳውንም ይሰነጥቀዋል። ውስጡን ጋዜጣ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማቆየት ነው። ሦስተኛው፣ በየሁለት ሳምንቱ የወረቀቱን ፈተና መድገም። ወረቀት ከገባ ያኔውኑ ጫማ ሰፊ ጋ መሄድ። ውስጡ አቧራ ከሞላ በኋላ ሳይጸዳና ሳይፋቅ ማስቲሽ ቢቀባ ማስቲሹ የሚይዘው አቧራውን እንጂ ሶሉን አይደለም። በሳምንቱ ተመልሶ ይከፈታል።

ራሳችንን እንፈትን

1. እግሯ 24 ሳንቲሜትር የሆነ ተማሪ ስንት ቁጥር ጫማ ይሆናታል?
2. በሶሉ ዙሪያ የምናየው ስፌት እውነተኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?
3. ስፖንጅ ሶል ያለውን ጫማ ማሰፋት ለምን አይጠቅምም?
4. ከቤታችሁ ትምህርት ቤት ስንት እርምጃ ነው? ነገ ቆጥራችሁ ጫማችሁ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ አስሉ።

መልስ፦ 1. (24 + 1.5) × 1.5 = 38.25፤ ስለዚህ 38 ሞክራ ከጠበባት 39። 2. ክሩ በጥፍር ይነቃነቃል፣ ቀዳዳው ይታያል፣ ከውስጥም ክር ይኖራል። 3. ክሩ ለስላሳውን ሶል እየቀደደ ስለሚወጣ። 4. የአራተኛውን መልስ ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። በሚቀጥለው እትም ከክፍላችን ብዙ የሚራመደው ማን እንደሆነ እናወጣለን።

እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።

አዘጋጅ፦ ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል